ለነፍስ አባት የተነገረ ቃል ቤት አያወርስም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየለቅሶ ቤቱ ደጋግመን የምንሰማው አንድ አነጋገር አለ። «ቃላቸውን ለነፍስ አባታቸው ሰጥተው ነው ያረፉት» ይባላል። ተናጋሪው ይህን ሲል ጉዳዩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል፤ ሰሚውም ራሱን ነቅንቆ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደሚወርስ መጠየቅ የሟችን አጥንት እንደ መውቀስ ይቆጠራል። እኔ ግን ይህ አነጋገር በብዙ ቤት መበለቶችን ከቤታቸው ያስወጣ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁና ዝም ለማለት አልቻልሁም። የማቀርበው ወቀሳ ግማሹ በወራሾች፣ ግማሹ ደግሞ በእኛ በቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ላይ ነው።

ያየሁትን ላስቀድም። በሰበካችን ለብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ አባት ነበሩ። የመጀመሪያ ባለቤታቸው ሁለት ልጆች ወልደውላቸው ዐረፉ። ከዓመታት በኋላ እንደ እርሳቸው ባል ከሞተባቸው አንዲት እናት ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው 22 ዓመት በአንድነት ኖሩ። በዚህ ጋብቻ ልጅ አልወለዱም። የሚኖሩበት ቤት አባትየው ከወላጅ አባታቸው የወረሱት ነው። በግቢው ካሉት ክፍሎች ሁለቱ ይከራያሉ፤ ከኪራዩና ከጡረታው የተጠራቀመ 360,000 ብር በአባትየው ስም በባንክ ነበር።

ሕመሙ ሲጠናባቸው የነፍስ አባታቸው ተጠሩ። ካህኑ አስቀድመው ሰው ሁሉ እንዲወጣ አድርገው ኃጢአታቸውን ሰሙ፣ ንስሐ ሰጡ፣ ጸለዩላቸው። ከዚያ በሽተኛው «ጎረቤቶቼን ጥሩልኝ» አሉ። ሁለት ጎረቤቶች ገቡ። አባትየውም በጠራ አንደበት አራት ነገር ተናገሩ፤ ቤቱ ለባለቤታቸው እንዲሆን፣ በባንክ ያለው ገንዘብ ለሁለቱ ልጆች እንዲከፈል፣ ለክርስትና ልጃቸው 400 ብር እንዲሰጥ፣ እርሳቸውም በእናታቸው መቃብር አጠገብ እንዲቀበሩ። በዘጠነኛው ቀን ዐረፉ።

ከአርባው ተዝካር በኋላ ልጆቹ የወራሽነት ማረጋገጫ ለማውጣት ፍርድ ቤት ሄዱ። እናታችንም «እኔስ?» ብለው ቀረቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀስ ብለን እንከተለው፤ ብዙዎቻችን የማናውቀው እዚህ ላይ ነውና።

ልጆቹ በመጀመሪያ ያነሡት ክርክር ሴትዮዋ ሚስት አይደሉም፣ አባታችንን ሲረዱ የኖሩ ሠራተኛ ናቸው የሚል ነበር። እናታችን ከመዘጋጃ ቤትም ሆነ ከወሳኝ ኩነት መዝጋቢ የተሰጠ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አልነበራቸውም። በወቅቱ «እኛ በሥጋ ወደሙ የተጋባን ነን፣ የቀበሌ ወረቀት ምን ያደርግልናል?» ብለው ነበር፤ አጠገባቸው የነበርነውም ይህን እንደ ጽድቅ ቆጥረንላቸዋል። ደግነቱ ሕጉ ከጠበቅነው ይልቅ ለሃይማኖታዊ ጋብቻ ክብር ይሰጣል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል ሥርዓት ሊፈጸም እንደሚችል ይናገራል፤ በየትኛውም ይፈጸም ውጤቱ አንድ ነው ይላል። የምስክር ወረቀት ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች እንደ ባልና ሚስት እንደሚተያዩና እንደሚኖሩ፣ ዘመድና አካባቢም እንደዚያው እንደሚያያቸው ምስክሮች አቅርቦ ማስረዳት ይቻላል። የዕድር ሰዎች፣ ጎረቤቶችና የማኅበር እኅቶች መሰከሩ። ሚስትነታቸው ጸና። ነገር ግን 22 ዓመት በአንድ ማዕድ የበላች ሴት ሠራተኛ አለመሆኗን በምስክር ታስረዳ ዘንድ መቆሟ ራሱ ምን ያህል ውርደት እንደ ነበር የፍርድ ቤቱን አግዳሚ ወንበር የተጋራ ሁሉ ያውቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘቡ ነበር። ገንዘቡ በባል ስም ብቻ ተቀምጧል። ሕጉ ግን በጋብቻ ዘመን የተገኘ ገቢ ሁሉ፣ ከአንዱ ወገን የግል ንብረት የተገኘ ኪራይ እንኳ ቢሆን፣ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ በአንዱ ስም መመዝገቡ ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ ከ360,000 ብሩ ግማሹ፣ 180,000 ብር፣ የእናታችን የራሳቸው ድርሻ ሆነ። ይህን ልብ በሉ፤ ያገኙት በውርስ አይደለም፣ ቀድሞም የእርሳቸው ነበርና ነው። የቀረው 180,000 ብር የሟች ውርስ ሆኖ ለሁለቱ ልጆች 90,000፣ 90,000 ተከፈለ።

ሦስተኛው ቤቱ ነው። ቤቱ ከአባት የተወረሰ ስለ ሆነ በቤተሰብ ሕጉ የባል የግል ሀብት ነው፤ እናታችን በጋብቻ የሚያነሡት ግማሽ የለም። በውርስስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሳይናዘዝ ሲሞት አስቀድሞ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፤ እነርሱ ከሌሉ ወላጆቹና የወላጆቹ ተወላጆች ይከተላሉ፤ እንዲህ እያለ ወደ ሩቅ ዘመድ ይሄዳል። በዚያ መስመር ውስጥ ሚስት ወይም ባል የሉበትም። የሩቅ የአጎት ልጅ አለበት፤ እግር ያጠበች፣ ሌሊት ያስታመመች ሚስት የለችበትም። እኔ በበኩሌ ይህን የሕጉ ጉድለት ብዬ እጠራዋለሁ፤ ሊሻሻልም ይገባዋል። እስኪሻሻል ድረስ ግን ሚስት ከባሏ የግል ሀብት የምታገኘው በኑዛዜ ከተሰጣት ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁሉ ነገር በዚያ ሌሊት ቃል ላይ ወደቀ። ሁለቱ ጎረቤቶች የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ልጆቹም ቃሉ መነገሩን አልካዱም። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቃል ኑዛዜ የሚያደርግ ሰው ሊናዘዝ የሚችለውን በሦስት ነገር ወስኖታል፤ ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹም ስለ ሞግዚትና አሳዳሪ። ከዚህ ውጭ በቃል የተናገረው አይጸናም። በቃል የተናዘዘው ሰው ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ከኖረም የቃል ኑዛዜው ይሻራል።

ውሳኔውም እንዲሁ ሆነ። በእናታቸው መቃብር አጠገብ መቀበራቸው ጸና። ለክርስትና ልጃቸው የተባለው 400 ብር ጸና። የቤቱ ቃል ግን ወደቀ፤ ቤቱ ለሁለቱ ልጆች እኩል ሆነ። እናታችን ዛሬ በእኅታቸው ልጅ ቤት ነው የሚኖሩት።

500 ብር በ1952 ዓ.ም. ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለተዝካር የሚሆን አንድ በግ አይገዛም። ቍጥሩ ያረጀ መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ሕጉ ቤትንና መሬትን የሚያህል ነገር በሞት አፋፍ ላይ በተነገረና በሁለት ጆሮ በተያዘ ቃል እንዳይተላለፍ የከለከለበት ምክንያት ከንቱ አይደለም። ትኵሳት የያዘው ሰው ምን እንዳለ፣ አጠገቡ ያለው ምን እንዳስባለው፣ ምስክሩም ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደሚያስታውስ ማን ይመዝናል? ዛሬ በዚህ ቤት የመበለቷን መብት የጣለው ይኸው ድንጋጌ ነገ በሌላ ቤት ባለተንኮል ዘመድ «ለኔ ብለው ነው የሞቱት» ብሎ መበለቷን እንዳያስወጣ የሚጠብቃት አጥር ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ ራሳችን ልመለስ። ቋንቋችን «ኑዛዜ» በሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። አንዱ ኃጢአትን በካህን ፊት መናዘዝ ነው፤ ሁለተኛው ሀብትን ለወራሽ መናዘዝ ነው። ቀድሞ ፍትሐ ነገሥት የቤተ ክርስቲያንም የቤተ መንግሥትም ሕግ በነበረበት ዘመን፣ የነፍስ አባት ቃል በሰፈሩ ሁሉ ዘንድ የሚፈራ ነበርና ሁለቱ በአንድ አልጋ ዳር ቢፈጸሙ ብዙ ጕዳት አልነበረውም። የዛሬው ዳኛ ግን የሚመዝነው ሰነዱን ነው። እኛ ዘመኑ እንደ ተለወጠ ሳንነግራቸው ምእመናንን በአሮጌው ልማድ ላይ አስተኝተናቸዋል።

ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። በችሎቱ ቀን የልጆቹ ጠበቃ የነፍስ አባትየውን «ጎረቤቶቹ ከመግባታቸው በፊት ስለ ቤቱ የነገሩዎት ነገር ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ካህኑ ዝም አሉ። ቆይተው «ብቻችንን ሳለን የሰማሁትን አልናገርም» አሉ። ትክክል ነበሩ፤ ካህን በንስሐ የሰማውን አይገልጥምና። ነገር ግን ተመልከቱ፤ ሰው ስለ ቤቱ የሚናገረው ቃል እንዲሰማለት፣ እንዲመሰከርለት ይፈልጋል፤ ስለ ኃጢአቱ የሚናገረው ቃል እንዲሰወርለት ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጆሮ ውስጥ ስናኖራቸው አንዱ ሌላውን ያበላሸዋል። ወይ ካህኑ ምሥጢር ያወጣል፣ ወይ ምስክርነቱ ይጐድላል። ስለዚህ የሀብትን ቃል ከንስሐ መለየት ከምንም በፊት የንስሐን ክብር መጠበቅ ነው።

ጌታችንም ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ወንድሙ ርስቱን እንዲያካፍለው እንዲነግርለት በጠየቀው ጊዜ አካፋይ ሆኖ እንዳልተሾመ መልሶለት ነገሩን ወደ መጎምጀት አደጋ እንዳዞረው በሉቃስ ወንጌል 12ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። እርሱ ያልተቀበለውን ሹመት የነፍስ አባቶቻችን በልማድ ተሸክመውታል። አንዳንዴም ሸክሙ ወደ ጥቅም ይለወጣል፤ በኑዛዜው ውስጥ ለካህኑ ራሱ የሚሰጥ ነገር ይገባል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሰው ሊሞት ሲቃረብ በመንፈሳዊ አገልግሎት ለረዳው ሰው የሚያደርገውን ስጦታ ፍርድ ቤት እንዲቀንሰው ወይም እንዲሽረው ሥልጣን መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ማንበብ ለአገልጋይ ያሳፍራል። ሊያሳፍረንም ይገባል።

እዚህ ላይ የሚቀርብልኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «አንተ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሆነህ ምእመናን ከካህን ይልቅ ለውልና ማስረጃ እንዲያምኑ ታስተምራለህን?» የሚለኝ ይኖራል። በእርግጥ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና የመንግሥት ሕግ የሚጋጩባቸው ቦታዎች አሉ። ፍርድ ቤት ፍቺ የወሰነላቸውን በሥጋ ወደሙ የተጋቡ ባልና ሚስት ቤተ ክርስቲያን ወዲያው እንደ ፈቃዳቸው አታጋባም። በክርስትና ልደት የተዛመዱት እንዳይጋቡ ሥርዓታችን ይከለክላል፤ የቤተሰብ ሕጉ ግን ይህን ዝምድና አያውቀውም። ስለ ጋብቻ በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 24 የሚነበበው ሁሉ በአዋጅ ውስጥ አይገኝም። በእነዚህ ቦታዎች ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቷን ትጠብቃለች። በያዝነው ጉዳይ ግን እንዲህ ያለ ግጭት የለም። ሀብትን በጽሑፍ መናዘዝን የሚከለክል ቀኖና የት አለ? ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ ሞቱን ሲነግረው ቤቱን እንዲያስተካክል ማዘዙን እናነባለን። የእኛ ችግር የሃይማኖት ልዩነት አይደለም፤ ስንፍናን በሃይማኖት ስም መጥራት ነው።

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በባለጉዳዮቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኙ መንገድ ትቷል። ቍልፉ «በባለጉዳዮቹ ፈቃድ» የሚለው ነው። ሁለቱም ወገን ለነፍስ አባታቸው ወይም ለሽማግሌ ቢገዙ ሕጉ አይከለክልም። አንደኛው ወገን «አልገዛም» ካለ ግን የካህኑ ቃል በፍርድ ቤት ኃይል የለውም። ብዙ ምእመናን ይህን ሳያውቁ፣ ልጆቻችን የካህን ቃል አያፈርሱም በሚል ተስፋ ብቻ ይሞታሉ።

ስለዚህ የእነዚያ ሁለት ልጆች ነገር አያልፍም። ሁለቱም ቈራቢዎች ናቸው፤ አንደኛው በበዓል ቀን ከበሮ ይመታል። ሰው ሲጠይቃቸው «እኛ ምን እናድርግ፣ ሕጉ ነው» ይላሉ። ይህ ሐሰት ነው። ሕጉ ቤቱ ለእነርሱ ይገባል አለ እንጂ ከእርሱ ውስጥ ለእንጀራ እናታችሁ አትስጡ አላለም። ወራሾች የአባታቸውን ቃል በፈቃዳቸው ሊፈጽሙ ይችላሉ፤ ቤቱን ሊሰጧቸው ቢወድዱ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ እንደ ግልጽ ኑዛዜ ባለ ሥርዓት በጽሑፍ ይደረጋል፤ ቤቱን መስጠት ቢከብዳቸው እንኳ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይኑሩበት ብለው ሊዋዋሉ ይችላሉ። የአባታቸውን ቃል በገዛ ጆሮአቸው የሰሙ ምስክሮች መሰከሩ፤ እነርሱም አልካዱም። ሕጉ ያላስገደዳቸውን ኅሊናቸው ሊያስገድዳቸው በተገባ ነበር። ጌታ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን፣ ጸሎታቸውንም የሚያስረዝሙትን በምን ቃል እንደ ገሠጻቸው የማያውቅ ከበሮ መቺ አለ ብዬ አላምንም።

ይህን ስል ግን የሟች ቃል ሁልጊዜ ከሕግ ይበልጣል ማለቴ እንዳይመስላችሁ። «ሴት ልጄ ተድራ ወጥታለች፣ ከቤቱ ድርሻ የላትም» ብሎ የሚሞት አባት አለ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደውን ልጁን በሞቱ አልጋ ላይ እንኳ «አላውቀውም» የሚል አለ። ሕጉ ወንድና ሴትን፣ በጋብቻ የተወለደንና ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ በውርስ አይለይም። በዚህ ነገር ከልማዳችን ይልቅ ሕጉ ለወንጌል ይቀርባል፤ እንዲህ ያለውን ቃል ሰምቶ «የአባቴ ቃል ነው» እያለ እኅቱን የሚነቅል ወንድምም ከላይ ከወቀስናቸው ልጆች አይሻልም።

ታዲያ ያ አባት ምን ማድረግ ነበረባቸው? በዚያ ሌሊትም ቢሆን ጊዜ ነበራቸው፤ ዘጠኝ ቀን ኖረዋልና። ሕጉ ግልጽ ኑዛዜ የሚለው ሰነድ ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ተናዛዡ ራሱ ወይም ሌላ ሰው ይጽፈዋል። በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡና የተነበበበት ቀን በዚያው ጽሑፍ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች ወዲያው ይፈርማሉ። አንደኛው ምስክር በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መፈጸም የተሻለ መንገድ ነው። ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው በትንሽ ነገር ነው፤ ምስክሮቹ ሦስት ሆነው ይገኛሉ፣ ወይም «በፊታችን ተነበበ» የሚለው ቃል ሳይጻፍ ይቀራል፣ ወይም ውርሱ የሚሰጠው ሰው ራሱ ምስክር ሆኖ ይፈርማል።

ምስክር ማብዛት የማይሻ ሰው ኑዛዜውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ አመልክቶ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀን ጽፎ ሊፈርም ይችላል። ይህ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይሻራል። ሰዉ ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ያኖረዋል፤ ሰባቱ ዓመት በዚያ ውስጥ ያልፋል።

በይዘቱም ማስተዋል ያሻል። ያ አባት ቤቱን በሙሉ ለባለቤታቸው ቢናዘዙ ልጆቹ «ድርሻችን ተነካ» ብለው መከራከራቸው አይቀርም ነበር፤ ልጅን መንቀል ደግሞ ሕጉ ምክንያቱ በግልጽ እንዲጻፍ የሚጠይቅ ከባድ ነገር ነው። ባለቤትነቱን ለልጆቹ፣ በዕድሜ ዘመናቸው የመኖርና ኪራዩን የመጠቀም መብት፣ ሕጉ አላባ የሚለውን፣ ለባለቤታቸው ቢያደርጉት ግን ቤቱ ከዘራቸው አይወጣም፣ መበለቷም አትወጣም። አንድ ገጽ ወረቀት ነበር። ደግሞም ማንም ሰው ሊናዘዝ የሚችለው የራሱን ነው፤ ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ግማሹ አስቀድሞ የሚስት ነውና ባል በግማሹ ብቻ ነው የሚናዘዝበት። የገጠር መሬት ደግሞ የየክልሉን የመሬት ሕግ ይከተላልና ለብቻው መጠየቅ ይኖርበታል።

ከእኛ የሚፈለገውም ብዙ አይደለም። በየዓመቱ ከጥር በዓላት በኋላ በደብራችን የሚፈጸመውን ተክሊል እናውቃለን፤ መዘምራኑ እኛው ነን። ከካባውና ከአክሊሉ፣ ከመዝሙሩ ልምምድ ጋር ሙሽሮቹ ጋብቻቸውን በወሳኝ ኩነት እንዲያስመዘግቡ የሚጠይቃቸው አንድ ሰው ከመካከላችን ይመደብ። ባለፉት ዓመታት የተጋቡትንም የደብሩ መዝገብ ይዞ መጠየቅ ይቻላል። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ሕግ የተማሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ ለአረጋውያን ምእመናን ኑዛዜ መጻፍ ከመዝሙር ያላነሰ አገልግሎት መሆኑን ይረዱ።

የዚያ አባት የነፍስ አባት ከዚያ ችሎት በኋላ ልማዳቸውን ለውጠዋል። ወደ በሽተኛ ቤት ሲጠሩ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ «ቤትዎን ጽፈዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። «አልጻፍሁም» ከተባሉ አራት ጎረቤቶች እንዲጠሩና ወረቀት እንዲመጣ ያዝዛሉ፤ ራሳቸው ግን አይፈርሙም። ያ ካለቀ በኋላ ጎረቤቶቹን ያስወጡና በሩን ዘግተው መስቀላቸውን ያወጣሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።